ፖምና ብርቱካን ያለ ስፌት፦ ሁለት ፎቶን በፒራሚድ ማዋሃድ

ከጉሊት አንድ ፖምና አንድ ብርቱካን ገዛሁ። መጠናቸው እንዲቀራረብ ብዬ ሻጯን ትንሽ አስቸግሬያታለሁ። ቤት ስገባ መስኮት አጠገብ ነጭ ወረቀት ዘረጋሁ። ስልኬን ከመቆሚያው ሳላነቃንቅ ሁለቱንም በየተራ ፎቶ አነሳኋቸው። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ የፖሙን ግራ ግማሽና የብርቱካኑን ቀኝ ግማሽ ጎን ለጎን ገጠምኩ። መሀል ላይ በቢላ የተቆረጠ የሚመስል ቀጥ ያለ መስመር ወጣ።

መስመሩን ለማጥፋት መጀመሪያ የሚመጣልን ሐሳብ ድንበሩን ማለስለስ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ስንሄድ የፖሙን ድርሻ ቀስ በቀስ እየቀነስን የብርቱካኑን እንጨምራለን። ግን በስንት ፒክስል ስፋት? በ10 ፒክስል ብታደርጉት መስመሩ ወፈር ብሎ ይታያል እንጂ አይጠፋም። በ200 ፒክስል ብታደርጉት ደግሞ ቀለሙ ደስ በሚል ሁኔታ ይሸጋገራል፣ ግን የብርቱካኑ ቀዳዳዎችና የፖሙ ቀጫጭን ሰረዞች በዚያ ሰፊ ቦታ ላይ አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው ይታያሉ። ሁለት መስታወት የተደራረበ ይመስላል። ለቀለሙ የሚስማማው ስፋት ለዝርዝሩ አይሆንም፤ ለዝርዝሩ የሚሆነው ለቀለሙ አይበቃም።

ፒተር በርትና ኤድዋርድ አደልሰን በ1983 ባሳተሙት ሥራ የሰጡት መልስ አንድ ስፋት መምረጥን መተው ነው። ፎቶውን እንደ ዝርዝሩ መጠን ከፋፍሉት፤ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱን ስፋት ስጡት፤ ከዚያ መልሳችሁ ደምሩት። እንዲህ የተደራረቡት ክፍሎች ናቸው ፒራሚድ የሚባሉት። እነሱም ያሳዩት በፖምና በብርቱካን ነበር። እኔም ገበያ የወጣሁት ለዚያ ነው።

ከዚህ በታች ሙሉውን ሥራ በፓይተንና በኦፕን ሲቪ እንሠራዋለን። ኮዱ አጭር ነው። ጊዜ የምንወስደው በውስጡ ቁጥሮቹ ምን እንደሚሆኑ በማየት ላይ ነው፤ ሲበላሽ የምታስተካክሉት እሱን ካወቃችሁ ብቻ ነውና።

አንደኛ፦ ፎቶዎቹን ማመሳሰል

ይህን ደረጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል፤ በኋላም ዋጋ ያስከፍላል። ፒራሚድ ብርሃንንና ቀለምን ያሸጋግራል እንጂ ፒክስል ከቦታው አያንቀሳቅስም። የፖሙ ጫፍ ከብርቱካኑ ጫፍ ዝቅ ብሎ ከሆነ መሀል ላይ ደረጃ የመሰለ ስብራት ይቀራል። የፈለጋችሁትን ያህል ብታዋህዱት አይጠፋም።

በእኔ ፎቶ ላይ የብርቱካኑ ቁመት 560 ፒክስል፣ የፖሙ 542 ነበር። ስለዚህ ፖሙን በ1.033 አሳደግሁት። ከዚያ የሁለቱም መሀል አንድ ቦታ ላይ እንዲውል አድርጌ ሁለቱንም 768 በ768 ፒክስል ቆረጥኳቸው። 768ን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ለሁለት ስትከፍሉት 384፣ 192፣ 96፣ 48፣ 24፣ 12 እያለ ስድስት ጊዜ ያለ ቀሪ ይወርዳል። ሌላ መጠንም ይሠራል፣ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ይህ ራስ ምታት ይቀንሳል።

ሁለተኛ፦ የጋውስ ፒራሚድ

የጋውስ ፒራሚድ ማለት አንድ ፎቶ በየእርከኑ ብዥ እየተደረገና በግማሽ እያነሰ ሲደራረብ ነው። ከታች ዋናው ፎቶ፣ ከላይ ደግሞ ቴምብር የሚያህለው።

ብዥ ሳናደርግ ዝም ብለን አንዱን ፒክስል ይዘን አንዱን ብንጥልስ? አይሆንም። የብርቱካኑ ቀዳዳዎች በጣም ጥቃቅን ስለሆኑ፣ አንዱ ጨለማ ፒክስል ሲያዝ ቀጣዩ ሲጣል፣ ፎቶው ላይ ያልነበረ ዥንጉርጉር ይፈጠራል። ስለዚህ መጀመሪያ ጎረቤቶቹን አማክሎ ማለስለስ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚያገለግሉት አምስት ክብደቶች ናቸው፦ 1፣ 4፣ 6፣ 4፣ 1። ድምራቸው 16 ስለሆነ ውጤቱን ለ16 እናካፍላለን። ክብደቱ መሀል ላይ ከፍ ብሎ ወደ ዳር ዝቅ ይላል። ቅርጹ የጋውስን ደወል ስለሚመስል ነው ስሙን ያገኘው።

እስቲ አንድ ረድፍ ፒክስል ወስደን በእጃችን እንሥራው። ከጨለማ ወደ ብርሃን በድንገት የሚሻገር ጠርዝ ይሁን፦

```
40  40  40  40  200  200  200  200  200
```

ሦስተኛውን ቁጥር እንውሰድ። ከግራው ሁለት፣ ከቀኙ ሁለት ጎረቤት አለው። አራቱ 40 ናቸው፣ የመጨረሻው ግን 200 ነው፤ የሱ ክብደት 1 ብቻ ነው። ስለዚህ 40 በ15 ሲባዛ 600፣ ሲደመር 200፣ 800 ይሆናል። ለ16 ሲካፈል 50። አምስተኛውን በተመሳሳይ መንገድ ስትሠሩት 150 ይወጣል። አንደኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አምስተኛውን፣ ሰባተኛውንና ዘጠነኛውን ብቻ ስለምንይዝ ቀጣዩ እርከን ይህ ነው፦

```
40  50  150  200  200
```

ዘጠኝ የነበረው አምስት ሆነ። ድንገተኛው ጠርዝም ዳገት ሆነ። ፎቶ ላይ ይህ በአግድምም በቁልቁልም ይሠራል። ኦፕን ሲቪ ውስጥ ሥራውን `pyrDown` አንድ ላይ ይጨርሰዋል፦

```python
import cv2
import numpy as np

def gauss(im, n):
    g = [im]
    for _ in range(n):
        g.append(cv2.pyrDown(g[-1]))
    return g
```

ማህደረ ትውስታ ይጨናነቃል ብላችሁ አትስጉ። እያንዳንዱ እርከን የታችኛውን ሩብ ያህል ፒክስል ብቻ ስለሚይዝ፣ ሁሉም ተደምሮ ከዋናው ፎቶ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቢበልጥ ነው።

ሦስተኛ፦ የላፕላስ ፒራሚድ

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፤ ቀስ ብለን እንሂድ።

የጋውስ እርከኖች እየወጡ ሲሄዱ ዝርዝር ይጠፋል። የላፕላስ ፒራሚድ የሚይዘው ያንን የጠፋውን ነው። ትንሹን እርከን ወደ ነበረበት መጠን መልሰን እናሳድገዋለን፤ ከዚያ ከዋናው ላይ እንቀንሰዋለን። የሚተርፈው በሁለቱ እርከኖች መካከል የጠፋው ዝርዝር ብቻ ነው።

ወንፊትን አስቡ። ዱቄት በጠባብ ወንፊት፣ ከዚያ በሰፊ ወንፊት ሲነፋ እያንዳንዱ ወንፊት የየራሱን መጠን ይለያል። የላፕላስ ፒራሚድም እንደዚያ ነው። የታችኛው እርከን የብርቱካኑን ቀዳዳዎች ብቻ ይይዛል። ከሱ በላይ ያለው ትንሽ ሰፋ ያሉ ነጠብጣቦችን። ከፍ ሲል የፍሬውን ክብነትና ጥላውን። የመጨረሻው ላይ የሚቀረው የጋውሱ ጫፍ ሲሆን እሱ ላይ ምንም አይቀነስም፤ እንዳለ ይቀመጣል። ጠቅላላው ቀለምና ብርሃን ያለው እሱ ውስጥ ነው።

ወደ ረድፋችን እንመለስ። 40፣ 50፣ 150፣ 200፣ 200ን ወደ ዘጠኝ እናሳድግ። በየመሀሉ ባዶ ቦታ ይገባና በዚያው በአምስቱ ክብደቶች ይለሰልሳል። ባዶዎቹ ዜሮ ስለሆኑ የጠፋውን ለማካካስ ክብደቱ እጥፍ ይደረጋል። በሁለቱም አቅጣጫ ፎቶ ላይ ሲሆን አራት እጥፍ ማለት ነው፤ `pyrUp` ይህን ራሱ ያደርገዋል። በባዶው ቦታ ላይ የሚወጣው የሁለቱ ጎረቤቶች አማካይ ነው፤ ለምሳሌ በ50ና በ150 መካከል 100። ሙሉው እንዲህ ይሆናል፦

```
42.5  45  61.25  100  143.75  175  193.75  200  200
```

አሁን ከዋናው ረድፍ ላይ ቀንሱት፦

```
-2.5  -5  -21.25  -60  56.25  25  6.25  0  0
```

ይህ ነው የላፕላስ እርከን። ጠርዙ አጠገብ ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ከጠርዙ ሲርቅ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ጨለማው ጎን ላይ አሉታዊ፣ ብሩሁ ጎን ላይ አዎንታዊ ነው። አሉታዊ ቁጥር መኖሩን በደንብ ያዙልኝ፤ ከኋላ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው።

```python
def up(small, like):
    h, w = like.shape[:2]
    return cv2.pyrUp(small, dstsize=(w, h))

def laplace(g):
    L = [g[i] - up(g[i+1], g[i])
         for i in range(len(g) - 1)]
    return L + [g[-1]]
```

`dstsize` የገባው ለጎዶሎ መጠን ነው። 75 ፒክስል በግማሽ ሲወርድ 38 ይሆናል። 38 ተመልሶ ሲያድግ ግን 76 ነው እንጂ 75 አይደለም። መጠኑን ራሳችሁ ካልነገራችሁት መቀነሱ ጋ ስህተት ብሎ ይቆማል።

አራተኛ፦ ሳይዋሃድ በፊት መልሶ መገንባት

ሁለቱን ፎቶ ከማዋሃዳችሁ በፊት አንዱን ብቻ ፈታችሁ ገጣጥሙት። ከጫፉ ጀምራችሁ አሳድጉ፣ የዚያን እርከን ላፕላስ ደምሩ፣ እንደገና አሳድጉ፣ እንደገና ደምሩ።

```python
def collapse(L):
    out = L[-1]
    for d in reversed(L[:-1]):
        out = d + up(out, d)
    return out
```

የወጣው ከዋናው ጋር አንድ መሆን አለበት። በረድፋችን ላይ ብትሞክሩት 61.25 ላይ ‑21.25 ሲደመር 40 ይመጣል። የቀነስነውን ያንኑ ስለምንደምር የሚጠፋ ነገር የለም። ልዩነቱ ከ1 በታች የሆነ የአስርዮሽ ትርፍራፊ ካልሆነ በቀር የሆነ ቦታ ስህተት አለ ማለት ነው።

ግን ይህ ፈተና አንድ ክፉ ቀዳዳ አለው። እኔ ራሴ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ያጣሁት በሱ ነው። ፎቶ ሲነበብ ቁጥሩ `uint8` ነው፤ ከ0 እስከ 255 ብቻ ይይዛል፣ አሉታዊ አያውቅም። 40 ሲቀነስ 100 ብትሉት ኑምፓይ ‑60 አይላችሁም፤ ዞሮ 196 ይላችኋል። ስህተት ብሎ አይቆምም። ይባስ ብሎ 196 ላይ 100 ስትደምሩ 296 ይሆንና እንደገና ዞሮ 40 ይመጣል። ስለዚህ ፎቶው በትክክል ይገነባል፤ ፈተናው አለፈ ትላላችሁ። ጉዱ የሚወጣው ስታዋህዱ ነው። የ‑60 ግማሽ ‑30 ነው፤ የ196 ግማሽ ግን 98 ነው። የኔ ብርቱካን ስፌቱ አካባቢ በአረንጓዴና በሐምራዊ ብናኝ ተሞልቶ ነበር፤ እኔ ደግሞ ፈተናው ስላለፈ ቀጥለን የምናየውን ማስክ ስጠረጥር ዋልኩ።

`cv2.subtract` ብትጠቀሙ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥፋት ነው። እሱ አይዞርም፣ አሉታዊውን ሁሉ ዜሮ ያደርጋል። እዚያ ላይ መልሶ የተገነባው ፎቶ በየጠርዙ ጨለማ ጎን ላይ ብዥ ይላል። በረድፋችን ላይ ያ ‑60 ዜሮ ሲሆን 40 መሆን የነበረበት ፒክስል 100 ሆኖ ይቀራል። መድኃኒቱ ለሁለቱም አንድ ነው። ፎቶውን እንዳነበባችሁ ወዲያው ወደ `float32` ቀይሩት።

አምስተኛ፦ ማስኩ

ማስክ ማለት በየፒክስሉ የትኛው ፎቶ ስንት ድርሻ እንዳለው የሚናገር ሦስተኛ ምስል ነው። እኛ 0ን ለፖሙ፣ 1ን ለብርቱካኑ እንስጥ። ግራው ግማሽ ሁሉ 0፣ ቀኙ ግማሽ ሁሉ 1። ድንበሩን እኛ አናለሰልሰውም፤ በቢላ የተቆረጠ ይሁን።

ለማስኩ የምንሠራለት የጋውስ ፒራሚድ ነው እንጂ የላፕላስ አይደለም። ምክንያቱም ከማስኩ የምንፈልገው ዝርዝር ሳይሆን በ0ና በ1 መካከል ያለ ድርሻ ነው። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ድንበሩ ይሰፋል። አንድ እርከን ብቻ ሲወጣ 0፣ 0፣ 0፣ 0፣ 1፣ 1፣ 1፣ 1፣ 1 የነበረው 0፣ 0.0625፣ 0.6875፣ 1፣ 1 ይሆናል።

አሁን ሙሉው ሐሳብ ሲገጣጠም እንየው። ዝርዝር የሌላቸው ሁለት ወጥ ፎቶዎች እንውሰድ፤ አንዱ ሙሉ በሙሉ 100፣ ሌላው ሙሉ በሙሉ 140። ዝም ብለን ብንገጥማቸው መሀል ላይ የ40 ዝላይ አለ። ላፕላሳቸውስ? ወጥ ስለሆኑ ዜሮ ነው። ስለዚህ የታችኛው እርከን ላይ ማስኩ በቢላ ቢቆርጥም የሚቆርጠው ነገር የለም። ልዩነቱ ያለው ጫፉ ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ማስኩ ለስልሷል። በዚያ ድርሻ ስናዋህደው 100፣ 102.5፣ 127.5፣ 140፣ 140 ይሆናል። ወደ ዘጠኝ ሲያድግ፦

```
100.6  101.3  105.3  115  125.9  133.8  138.4  140  140
```

የ40 ዝላይ ጠፋ። ከአንዱ ፒክስል ወደ ቀጣዩ ያለው ትልቁ ልዩነት 11 እንኳ አይሞላም። ይህ በአንድ እርከን ብቻ ነው። እርከን በጨመርን ቁጥር ዳገቱ በእጥፍ ይረዝማል፣ ገደላገደሉም ይለዝባል።

አሁን ለምን የብርቱካኑ ቀዳዳዎች እንደማይደራረቡ ግልጽ ነው። ቀዳዳዎቹ ያሉት ታችኛው እርከን ላይ ነው፤ እዚያ ድንበሩ ጠባብ ስለሆነ እያንዳንዱ ቀዳዳ ወይ አለ ወይ የለም። ቀለሙ ያለው ጫፉ ላይ ነው፤ እዚያ ድንበሩ ሰፊ ስለሆነ ከቀይ ወደ ብርቱካናማ ቀስ ብሎ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ አንድ ላይ የማይሆኑልን የነበሩት ሁለቱ ስፋቶች በየቦታቸው ገቡ።

ስድስተኛ፦ ማዋሃድ

```python
A = cv2.imread("pom.png").astype(np.float32)
B = cv2.imread("birtukan.png").astype(np.float32)

M = np.zeros_like(A)
M[:, A.shape[1] // 2:] = 1.0

n = 6
LA = laplace(gauss(A, n))
LB = laplace(gauss(B, n))
GM = gauss(M, n)

S = [a * (1 - m) + b * m
     for a, b, m in zip(LA, LB, GM)]

out = np.clip(np.rint(collapse(S)), 0, 255)
cv2.imwrite("wuhid.png", out.astype(np.uint8))
```

`np.zeros_like(A)` ማስኩን እንደ ፎቶው ባለ ሦስት ቀለም ሰሌዳ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ማባዛቱ ላይ የመጠን ጭቅጭቅ አይነሳም።

መጨረሻ ላይ ያለው `np.clip` ትንሽ ይመስላል፣ ግን አትተዉት። ዝርዝሩ ከአንዱ ፎቶ፣ ብርሃኑ ከፊሉ ከሌላው ሲመጣ ድምሩ ከ255 ሊያልፍ ወይም ከ0 ሊወርድ ይችላል። 258 ወደ `uint8` ሲገባ 255 ላይ አይቆምም፤ ዞሮ 2 ሊሆን ይችላል፣ ጥቁር ማለት ነው። ፖሙ ላይ መስኮቱ የሚያንጸባርቅበት ነጭ ቦታ ውስጥ ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ስንት እርከን?

ሁሉም የሚጠይቀው ይህንን ነው። ብዙ ቦታ «6 አድርጉት» ይባልና ያልፋል። 6 ለኔ ፎቶ ልክ ነው፤ ለእናንተ ላይሆን ይችላል።

መለኪያው እንዲህ ነው። ጫፉ ላይ ያለ አንድ ፒክስል በዋናው ፎቶ ላይ 2ን n ጊዜ በራሱ ያባዛነውን ያህል ስፋት ይወክላል። n 6 ሲሆን 64 ፒክስል ነው። የቀለሙ መሸጋገሪያ ደግሞ የዚያን ከ3 እጥፍ ትንሽ ይበልጣል፣ ወደ 210 ፒክስል ገደማ። የኔ ፍሬ 560 ፒክስል ስለሆነ 210ሩ መሀሉ ላይ ተደላድሎ ይቀመጣል። ግራው ዳር ንጹህ ፖም፣ ቀኙ ዳር ንጹህ ብርቱካን ሆኖ ይቀራል።

n 2 ስታደርጉት መሸጋገሪያው 13 ፒክስል ያህል ነው። ስፌቱ ይለዝባል፣ ግን ራቅ ብላችሁ ስታዩት አሁንም ቀጭን ጥብጣብ ይታያል። n 8 ስታደርጉት ደግሞ ጫፉ 3 በ3 ፒክስል ብቻ ነው፣ መሸጋገሪያውም ከፎቶው ይሰፋል። ያኔ ፖሙ ብርቱካናማ ጥላ ይለብሳል፣ ብርቱካኑም ይቀላል። ዝርዝሩ ግን በየቦታው ነው። ውጤቱ ቆንጆ ሊመስል ይችላል፣ ነገር ግን የፖሙ ቀለም አሁን የፖሙ አይደለም። ይህን የምታውቁት ከስፌቱ በጣም የራቀ ፒክስል ወስዳችሁ ከዋናው ፎቶ ጋር ስታወዳድሩ ነው። ከ2 ወይም ከ3 በላይ ከተለወጠ አንድ እርከን ቀንሱ።

እኔ የምሠራው ስፌቱ በሚያልፍበት አካባቢ ለቀለም ሽግግር ስንት ፒክስል መስጠት እንደምችል በዓይኔ ለክቼ፣ ያንን ለ3 አካፍዬ፣ 2 በራሱ እየተባዛ ከሚሰጣቸው ቁጥሮች ውስጥ ከሚወጣው የማይበልጠውን ትልቁን በመምረጥ ነው። 210 ለ3 ሲካፈል 70 ነው፤ ከሱ የማይበልጠው 64፤ ስለዚህ 6።

ማስኩ ቀጥ ያለ መስመር ካልሆነ

ማስኩ ግማሽ በግማሽ መሆን የለበትም። ከአንድ የቡድን ፎቶ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ፊት አውጥታችሁ፣ ከሌላው ፎቶ ያልጨፈነውን ማስገባት ትችላላችሁ። ፊቱን በነጭ፣ ሌላውን በጥቁር ቀብታችሁ ለ255 ታካፍላላችሁ። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ማስኩን በፒኤንጂ አስቀምጡ፤ ጄፔግ ድንበሩ አካባቢ ግራጫ ብናኝ ይተዋል፣ ያ ብናኝ ደግሞ ታችኛው እርከን ላይ ይታያል። ሁለተኛ፣ ድንበሩን ፀጉር ወይም የመነጽር ፍሬም ላይ አታሳልፉት። ሁለቱ ፎቶዎች የሚመሳሰሉበት ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ግንባር ወይም ጉንጭ ላይ ይለፍ። እዚህ ላይ n 6 ብዙ ነው፤ ፊቱ 150 ፒክስል ከሆነ 4 ይበቃዋል፣ አለበለዚያ የጀርባው ቀለም ጉንጩ ላይ ይፈስሳል።

ብዙ ፎቶ ገጣጥመው ሰፊ መልክዓ ምድር የሚሠሩ ፕሮግራሞችም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። ኦፕን ሲቪ ውስጥ `MultiBandBlender` የሚባለው ይኸው ነው። እዚያም ችግሩ ያው ነው። በሁለቱ ፎቶ መካከል የሄደ ሰው ወይም መኪና ካለ ማዋሃድ አያድነውም፤ ጥላ መስሎ ግማሽ አካሉ ይቀራል። ያኔ ስፌቱን ሰውየውን ዞሮ እንዲያልፍ ማድረግ ነው።

ሲጨርሱ እንዴት ማየት እንደሚቻል

ውጤቱን ሁለት ጊዜ እዩት። መጀመሪያ በሙሉ መጠኑ አቅርባችሁ፣ ስፌቱ ላይ ብቻ። የተደረቡ ቀዳዳዎች ካሉ ማስኩ ታችኛው እርከን ላይ ሰፊ ነው ማለት ነው። ምናልባት ማስኩን አስቀድማችሁ ብዥ አድርጋችሁት ይሆናል። ቀጥሎ ፎቶውን አሳንሳችሁ ወይም ከወንበራችሁ ተነስታችሁ ከሩቅ። ከሩቅ መስመር ከታየ እርከኑ አንሷል።

ፎቶው ዝርዝሩ ያለ ግን ቀለም አልባ፣ በጨለማ ላይ የተቀረጸ የሚመስል ሆኖ ከወጣ ጫፉን ረስታችኋል። `laplace` ላይ ያለውን `+ [g[-1]]` ተመልከቱ። የፍሬው ዙሪያ መሀል ላይ ከተሰበረ ደግሞ ፒራሚዱን ተዉትና ወደ አንደኛው ደረጃ ተመለሱ። የኔ ፖም መጀመሪያ ላይ በ4 ፒክስል ዝቅ ብሎ ነበር። አራት ፒክስል ከፍ አድርጌ ደግሜ ሳስኬደው ዙሪያው ገጠመ።